ካሳ ለምን ቴዎድሮስ ተባለ? ስለ ስመ መንግሥት፣ ስለ ብዕርና ስለ መድረክ ስም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልቦለዴን ጽፌ ጨርሻለሁ። በብዕር ስም ላሳትመው እንዳሰብኩ ስነግረው ታላቅ ወንድሜ ‹በራስህ ስም የማታወጣው የሚያሳፍር ነገር ጽፈህ ነው?› አለኝ። ነገሥታት ስም ይቀይራሉ፣ ጳጳሳት ይቀይራሉ፣ ዘፋኞችም ይቀይራሉ። ሁሉም የሚደብቁት ነገር አላቸው ማለት ነው? ሰው ለአደባባይ ሥራ አዲስ ስም የሚያወጣው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦ ሦስቱን ስሞች አንድ ላይ ስንጠራቸው አንድ ነገር ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል። ስመ መንግሥት ምንም አይደብቅም። ሰውየው ትናንት ማን ይባል እንደነበር አገር ሁሉ ያውቃል። የመድረክ ስም ዋና ጭንቀቱ ከሌላ ሰው ጋር አለመምታታት ነው። መደበቅን ሥራዬ ብሎ የያዘው የብዕር ስም ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አይደለም። ስለዚህ የወንድምዎ ጥርጣሬ ከሦስቱ የሚነካው አንዱን ነው።

እኔ በስም ታሪክ ላይ ስሠራ ከሁሉ የበለጠ ጊዜዬን የወሰደው ስመ መንግሥት ነው። ከእሱ ልጀምር። እዚያ ምርጫው የሚደረገው በሰው ፊት ስለሆነ፣ አንድ ሰው አዲስ ስም ሲያወጣ ምን እያደረገ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲመረጥ ሁለት ጥያቄ ይቀርብለታል። የመጀመሪያው ምርጫውን ይቀበል እንደሆነ ነው። እሺ ካለ ወዲያው ሁለተኛው ይከተላል፤ በምን ስም መጠራት እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ስሙን ይናገራል፣ ይመዘገባል። ሕዝቡ ፊቱን በረንዳ ላይ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ስምህን ቀይር የሚል ሕግ የለም። ነገር ግን ከ1555 ወዲህ በተወለደበት ስም የቀጠለ አንድም ጳጳስ የለም። የመጨረሻው ማርቼሎ ቼርቪኒ ነበር። ዳግማዊ ማርቼሎስ ተብሎ 22 ቀን ብቻ ቆይቶ አረፈ።

ልማዱ የተጀመረው በአንድ የማይመች ስም ምክንያት ነው። በ533 ለሮም መንበር የተሾመው ቄስ ስሙ መርኩሪዮስ ነበር። በእኛ ዘንድ መርቆሬዎስ የሰማዕት ስም ስለሆነ ጆሮ አይቆረቁርም። ለሮም ሰዎች ግን ስሙ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሳቸው አባቶቻቸው ያመልኩት የነበረውን ጣዖት ነው። በክርስቶስ ሐዋርያ ወንበር ላይ የጣዖት ስም ሊቀመጥ ነው። ሰውየው ዮሐንስ ተባለ፤ ዳግማዊ ዮሐንስ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙዎቹ በራሳቸው ስም ቀጠሉ። ነገሩ ልማድ ሆኖ የጸናው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በ996 ብሩኖ የሚባል ጀርመናዊ፣ በ999 ደግሞ ገርበርት የሚባል ፈረንሳዊ ተሾሙ። ስማቸው ለሮም ሕዝብ የባዕድ ስም ነበር። አንዱ ጎርጎርዮስ፣ ሌላው ሲልቬስተር ተባሉ፤ ሁለቱም የታወቁ የቀድሞ ጳጳሳት ስሞች ናቸው። እንግዳው ሰው በስሙ በኩል ቤተኛ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ውስጥ መጀመሪያ የተፈለገው አዲስ ስም ማግኘት አልነበረም። አሮጌው ስም ለወንበሩ አልስማማ ስላለ ነው የተነሳው። በ983 የተሾመው ጳጳስ ደግሞ ስሙ ጴጥሮስ ነበር። ይሄ የተነወረ ስም አይደለም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ከበደ። በሐዋርያው ስም መጠራት ድፍረት መሰለውና ዮሐንስ ተባለ። እስከ ዛሬ ዳግማዊ ጴጥሮስ የተባለ ጳጳስ የለም። የሚከለክል ሕግ ኖሮ አይደለም፤ ማንም ስላልደፈረ ነው።

ልማዱ ከጸና በኋላ ግን ጥያቄው ተገለበጠ። አሮጌው ስም ምን ችግር አለው መባሉ ቀርቶ፣ አዲሱ ስም ምን ይላል ተባለ። ከሙታን መካከል አንዱን መርጦ «እኔ የዚህ ሰው ተከታይ ነኝ» ማለት ሆነ። በግንቦት 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛ ምክንያታቸውን በሁለተኛው ቀን ለካርዲናሎቹ ተናግረዋል። ሊዮ 13ኛ በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት የጻፉትን ታላቅ መልእክት አስታወሱ፤ ዛሬም የሰው ሥራ ተመሳሳይ ፈተና ላይ ነው አሉ። ገና ምንም ሳይሠሩ፣ በአንድ ቃል ብቻ፣ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ተናገሩ ማለት ነው። ስመ መንግሥት የሚነበበው እንዲህ ነው። ስሙን ይዘው ከዚህ በፊት ማን ይባልበት እንደነበር ይጠይቃሉ። ከዚያ ያ ሰው በምን እንደሚታወስ ያያሉ። መልእክቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንዳንዴ መልእክቱ «ምንም አልተለወጠም» የሚል ነው። በ1936 እንግሊዝ በአንድ ዓመት ሦስት ንጉሥ አየች። በጥር ጊዮርጊስ 5ኛ ሞቱ። ልጃቸው ኤድዋርድ 8ኛ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሊያገቡ በፈለጓት ሴት ምክንያት በታኅሣሥ ዙፋኑን ለቀቁ። ታናሽ ወንድማቸው አልበርት ሳያስቡት ነገሡ። ቤተሰቡ በርቲ ነበር የሚላቸው። አልበርት 1ኛ ተብለው መንገሥ ይችሉ ነበር። ሕዝቡ ግን ገና ከድንጋጤው አልወጣም፤ አዲስ ስም ሌላ አዲስ ነገር ይሆንበት ነበር። ከአራቱ የጥምቀት ስሞቻቸው መጨረሻ ላይ ያለውን መዘዙ፤ ጊዮርጊስ። ጊዮርጊስ 6ኛ ሲባል የአባትዬው ዘመን ያልተቋረጠ ይመስላል። መሐል ላይ የተፈጠረው ስንጥቅ በስም ተለሰነ። ይሄን ምርጫ በጣም እወደዋለሁ። ዓይናፋርና ተንተባታቢ የነበረ ሰው በመጀመሪያው ቀን የወሰደው የመጀመሪያ ውሳኔ ትክክል ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ስሙ የሚለው ተቃራኒውን ነው፤ «ሁሉ ነገር ይለወጣል»። ለዚህ ከካሳ ኃይሉ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ካሳ የቋራ ሰው ነው። ኃይል ነበረው፣ ድል ነበረው። ያልነበረው በጊዜው ለንግሥና የሚጠየቀው ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚቀበለው የሰሎሞን ዘር። የንጉሥ ዘር የሆኑት በጎንደር ተቀምጠዋል፤ በስም ይነግሣሉ እንጂ አያዝዙም። የሚያዝዙት መሳፍንቱ ናቸው። በዚህ መሐል ካህናቱም ሕዝቡም የሚያውቁት አንድ ትንቢት ነበር። ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይመጣል፣ በእሱ ዘመን ፍትሕና ሰላም ይሆናል ይላል። ስሙ በትንቢት ብቻ የሚታወቅ አልነበረም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ወራት ብቻ ነግሦ ነበር፤ በጻድቅነት ይታወሳል። ዘመኑ አጭር ስለሆነ ስሙ የሚወቀስበት ነገር የለውም። ንጹሕ ሆኖ ቆይቷል።

በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረገ። ወዲያው በደረስጌ ማርያም አቡነ ሰላማ ቀብተው አነገሡት። ስሙም ቴዎድሮስ ተባለ። አስቡት እንግዲህ። ጦሩ ያላመጣለትን ነገር ስሙ አመጣለት። ዘሩን የሚጠይቅ ሰው አሁን ትንቢቱን መጠየቅ አለበት። ዘር የሌለው ሰው ዙፋኑን ወሰደ ከማለት፣ የተጠበቀው ሰው መጣ ማለት ይሻላል።

ነገር ግን ስሙ ዕዳም ነበረው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጊዮርጊስ የሚለው ስም አንድ ንጉሥ ጨዋና ረጋ ያለ እንዲሆን ብቻ ይጠይቃል። ቴዎድሮስ የሚለው ስም ግን ሰላምና ፍትሕ ያስከፍላል፤ ትንቢቱ ያለው እሱን ነው። ሰውየው ዘመኑን ሁሉ ከአንዱ ዘመቻ ወደ ሌላው ሲሮጥ ኖረ። ዓመፁ በበዛ ቁጥር፣ ቅጣቱም በከፋ ቁጥር፣ ሰሚው ስሙንና ሥራውን ማስተያየቱ አይቀርም። ሌላ ስም ቢይዝ ኖሮ እንደ ማንኛውም ንጉሥ ይመዘን ነበር። የተመዘነው በትንቢት ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡት ይሄ የገባቸው ይመስለኛል። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተባለ። ሌላው ካሳ፣ የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ሲነግሥ ዮሐንስ 4ኛ ተባለ። ሁለቱም የቀድሞ ነገሥታት ስም ነው፤ የተከበረ ነው፣ ግን ትንቢት የተንጠለጠለበት አይደለም። ሁለት ካሳዎች ዙፋን ላይ ወጡ፤ አንዳቸውም ካሳ ተብለው አልነገሡም።

አሮጌው ስም ግን ጨርሶ አይሞትም። ሕዝቡ ቴዎድሮስን ሲወደው መይሳው ካሳ ይለዋል። ንጉሡ በአዋጅ፣ ሰውየው በዘፈን ይጠራል። ከዚህ ላይ የፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ ይጨመራል፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት። ይሄኛው የጦር ሜዳ ስም ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት አራት ስም ይይዛል፤ የሚጠራበት ቦታ ነው የሚወስነው። ተፈሪ መኰንንም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ስም ከሌላ የመጣ አይደለም፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ዙፋን አወጡት። የሚገርመው፣ ባሕር ማዶ በስማቸው የተነሣው እምነት የተጠራው በአዲሱ ስም አይደለም። ትተውት በወጡት ማዕረግና ስም ነው፤ ራስ ተፈሪ።

ስመ መንግሥት የሚበላሽበት አንድ ቦታ አለ፤ ቁጥሩ። ቁጥር የሚቆጥረው ያለፉትን ስለሆነ፣ ማንን እንደ ንጉሥ እንደሚቆጥሩ ማወቅ አለብዎት። በ1958 የተመረጡት ጳጳስ ዮሐንስ መባልን መረጡ። ስሙ ከ500 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም ነበር። ምክንያቱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሦስት ሰዎች እኔ ነኝ ጳጳሱ በሚሉበት ጊዜ፣ አንዱ ዮሐንስ 23ኛ ተብሎ ስለነበር ነው። በ1415 በጉባኤ ተሻረ። አዲሱ ጳጳስ 24ኛ ቢባሉ ያንን ሰው ሕጋዊ ጳጳስ ነበር ማለታቸው ነው። 23ኛ ቢባሉ አልነበረም ማለታቸው ነው። 23ኛ ተባሉ፤ የ500 ዓመት ክርክር በአንድ ቁጥር ተዘጋ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ 20ኛ ዮሐንስ የሚባል የለም፤ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ሲቆጥሩ ተሳስተው ዘለሉት።

የእንግሊዟ ኤልሳቤጥ ደግሞ ስሟን ሳትቀይር በቁጥሩ ተቸገረች። በ1952 ስትነግሥ በምን ስም እንደምትጠራ ተጠየቀች፤ በራሴ ስም አለች። ዳግማዊት ኤልሳቤጥ ተባለች። እስኮትላንዶች ግን ቆጥረው አይተው ተቆጡ። ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ እንግሊዝን እንጂ እስኮትላንድን ገዝታ አታውቅም። ታዲያ ለእኛ ሁለተኛ የምትሆነው እንዴት ነው አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ከሳሾቹ ተረቱ። በየካቲት 1953 ግን ኤዲንብራ ውስጥ ያ ቁጥር የተቀረጸበት አንድ የፖስታ ሣጥን በፈንጂ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እስኮትላንድ ውስጥ የተተከሉት ሣጥኖች ላይ ዘውድ ብቻ ነው የተቀረጸው፤ ቁጥሩ ቀረ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። የብዕር ስም ከዚህ ሁሉ የሚለየው፣ አንባቢው ከስሙ በስተኋላ ማን እንዳለ እንዳያውቅ ተብሎ የሚወጣ መሆኑ ነው። ግን እንዳይታወቅ የሚፈለገው ምኑ ነው? ወንድምዎ ኃጢአት መሰላቸው። ብዙ ጊዜ ግን የሚሸፈነው አንባቢው ገና ገጹን ሳይገልጥ የሚፈርድበት ነገር ነው።

የብሮንቴ እህቶችን ይውሰዱ። ሻርሎት፣ ኤሚሊና አን በሰሜን እንግሊዝ የአንድ ቄስ ልጆች ናቸው። ሻርሎት በ20 ዓመቷ ግጥሟን ለአንድ ታላቅ ባለቅኔ ልካ ነበር። ሥነ ጽሑፍ የሴት ሥራ ሊሆን አይችልም የሚል ደብዳቤ መለሰላት። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1846፣ ሦስቱ እህቶች ግጥሞቻቸውን በራሳቸው ገንዘብ አሳተሙ። ስማቸውም ከረር ቤል፣ ኤሊስ ቤልና አክተን ቤል ሆነ። የስሞቹን አሠራር ይዩት። እያንዳንዷ የስሟንና የአባቷን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይዛለች። የተመረጡትም ወንድ ይሁን ሴት የማይለዩ ስሞች ናቸው። ሻርሎት በኋላ እንደጻፈችው፣ በግልጽ የወንድ ስም መያዝ ለሕሊናቸው ውሸት መሰላቸው፤ ሴት ነን ማለትም ፍርዱን ያዛባል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ሳይዋሹ ዝም ማለት የሚችሉበትን ስም ፈለጉ። ለወንድምዎ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እፍረት የለም፤ ዳኝነቱ ከጽሑፉ ይጀምር ነው ያሉት።

መጽሐፉ በዓመቱ የተሸጠው ሁለት ቅጂ ነው። በ1847 ግን ልቦለዶቻቸው ወጡ፤ የሻርሎት በአንድ ጊዜ ገነነ። ችግሩም አብሮ መጣ። ፊት የሌለው ስም ባዶ ቤት ነው፤ ሌላው ገብቶ እንደፈለገ ያስውበዋል። ሰው ሦስቱም ቤሎች አንድ ሰው ናቸው ማለት ጀመረ። የኤሚሊና የአን አሳታሚ ወሬውን ለገበያው ተጠቀመበት። የአንን ሁለተኛ ልቦለድ የከረር ቤል ሥራ ነው ብሎ ለአሜሪካ አቀረበ። የሻርሎት አሳታሚ ይሄን ሲሰማ ከረር ቤል ከድቶን ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

በሐምሌ 1848 ሻርሎትና አን ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ሌሊቱን ተጉዘው ለንደን ገቡ። አሳታሚው ቢሮ ሄደው ሻርሎት አንድ ደብዳቤ በእጁ ሰጠችው። ራሱ ለከረር ቤል የጻፈው ደብዳቤ ነው። ከየት አገኘሽው አላት። ሁለት ትንንሽ የገጠር ሴቶች ፊቱ ቆመዋል። የምትፈልጉት ሰው እኔ ነኝ ማለት ነበረባት። ኤሚሊ ከቤት አልወጣችም ነበር። ሻርሎት ሦስት እህቶች ነን ብላ መናገሯን ስትሰማ በጣም ተቆጣች። ለእሷ ስሙ እስከ መጨረሻው ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነበር።

ይሄን ያመጣሁት ያለምክንያት አይደለም። የብዕር ስም ሲያወጡ፣ እርስዎ መሆንዎን አንድ ቀን በማስረጃ ማሳየት ሊያስፈልግዎ ይችላል። ሻርሎትን ያዳናት ያ ደብዳቤ ነው።

ስሙ እስከ መቼ ይደበቃል? ዱሮ የሚያወጣው ሰው ነበር፤ ዛሬ ጽሑፉም ይናገራል። በ2013 ሮበርት ጋልብሬዝ በሚባል ስም የወጣ አንድ የወንጀል ልቦለድ የጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሥራ መሆኑ ታወቀ። ምስጢሩ የሾለከው ከጠበቆቿ ቢሮ በኩል ነው። ጥቆማው የደረሰው ጋዜጣ ግን ጥቆማውን ብቻ አላመነም። ለቋንቋ መርማሪዎች ጽሑፉን ሰጠ። አንደኛው መርማሪ የፈተሸው አራት ነገር ነበር፤ የቃላቱን ርዝመት፣ በብዛት የሚደጋገሙትን 100 ቃላት፣ ጎን ለጎን የሚመጡ ቃላትን፣ እና አራት አራት ሆነው የሚከታተሉ ፊደላትን። ከሌሎች ደራስያን ጋር ሲያነጻጽር ውጤቱ ወደ እሷ አደላ። ሰው ሲደበቅ ትላልቁን ነገር ይቀይራል፤ ታሪኩን፣ ቦታውን፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም። «ግን» ይበል «ነገር ግን»፣ «ደግሞ»ን የት ላይ ያስቀምጥ፣ እሱን አይቆጣጠርም። የሚያሳብቀውም ይሄ ነው። ይሁንና ዘዴው የሚጠቁመው ከተጠረጠሩት መካከል ማን ይቀርባል የሚለውን ነው። የሚያነጻጽሩት የእርስዎ ሌላ ጽሑፍ ከሌለ ምንም አይነግራቸውም። የመጀመሪያ መጽሐፍዎ ስለሆነ በዚህ በኩል ለጊዜው አያስቡ።

የመድረክ ስም ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንድ ነገር ግን ያስተምርዎታል። በአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር ሁለት አባላት በአንድ ስም እንዲሠሩ አይፈቅድም። ማይክል ኪተን ሲወለድ ማይክል ዳግላስ ነበር። ማኅበሩ ሲገባ ሌላ ታዋቂ ማይክል ዳግላስ ስለነበር አዲስ ስም አወጣ። ሊደብቀው የፈለገው ነገር የለም፤ ወረፋው ተይዞበት ነው። በሥራ ዓለም ስም እንደ ሱቅ ምልክት ነው።

ምልክት ከሆነ ደግሞ ባለቤት ይኖረዋል። ሙዚቀኛው ፕሪንስ የሚጠራበት ስም ወላጆቹ ያወጡለት ነው፤ ሲወለድ ፕሪንስ ሮጀርስ ኔልሰን ነው የተባለው። ሆኖም ከሙዚቃ ኩባንያው ጋር ሲጣላ፣ የገዛ ስሙ የኩባንያው መሸጫ ሆኖብኛል አለ። በ1993 ስሙን ወደማይነበብ ምልክት ቀየረ። ጋዜጦች እንዲያትሙት የምልክቱ ፊደል በዲስክ ተላከላቸው። የሚጠሩበት ድምፅ ስላጡ «ቀድሞ ፕሪንስ ይባል የነበረው አርቲስት» አሉት። በ2000 የዘፈን ድርሰት ውሉ ካለቀ በኋላ ወደ ስሙ ተመለሰ። ሌሎች ራሳቸውን ለመጠበቅ አዲስ ስም ሲያወጡ፣ እሱ የወላጆቹን ስም ለማስመለስ ሲል አዲስ ስም አወጣ።

እርስዎ አሁን ማድረግ ያለብዎት ጥቂት ነገር ነው። መጀመሪያ ስሙ ለምን እንደሚያስፈልግዎ ለራስዎ ይንገሩ። በሥራ ቦታዎ ወይም በዘመድ ዘንድ እንዳይታወቅ ከሆነ፣ የስምዎ የመጀመሪያ ፊደልም የአያት ስምም አይጠጋው። ከሌላ ደራሲ ጋር እንዳይምታታ ብቻ ከሆነ ግን መደበቅ አያስፈልግም፤ ትንሽ መለወጥ ይበቃል። ያወጡትን ስም ቀድሞ የያዘው ደራሲ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። በሕይወት ያለ ሰው ስም መሆን የለበትም። የከበደ ታሪክ ያለውን ስምም ይተዉት፤ ካሳን የገጠመው ደራሲንም ይገጥማል። በትልቅ ሰው ስም ከጻፉ በትልቁ ሰው ይመዘናሉ።

ከአሳታሚው ጋር ውል ሲዋዋሉ የሚፈርሙት በሕጋዊ ስምዎ ነው። በውሉ ውስጥ «በዚህ የብዕር ስም ይታተማል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስገቡ። ክፍያው በማን ስም እንደሚወጣና ምስጢሩን ማን ማን እንደሚያውቅም ይጻፍ። ሌላም ብዙ ደራሲ የማያውቀው ነገር አለ። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የደራስያን መብት ውል በስም ለታወቀ ደራሲ ቢያንስ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ማንነቱ ላልታወቀ የብዕር ስም ግን 50 ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ሥራው ለሕዝብ ከወጣበት ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንነትዎን ከገለጡ ወደ ረጅሙ ይመለሳል። አገሮች በሕጋቸው ሊያስረዝሙት ይችላሉ፤ የሚያሳትሙበትን አገር ሕግ ይጠይቁ። በወጣትነትዎ ካሳተሙ ልዩነቱ በአሥርተ ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የሚነካውም ልጆችዎን ነው።

ረቂቁን፣ የተጻጻፉትን ደብዳቤ፣ የውሉን ቅጂ አንድ ላይ አስቀምጡት። የት እንዳለም ለአንድ የሚያምኑት ሰው ይንገሩ። ታላቅ ወንድምዎ ምስጢሩን አስቀድመው ስላወቁ፣ ለዚህ የሚሻል ሰው ያለዎት አይመስለኝም።